የደከመው የበር ደወል

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ቤታችን ደወል ድምፁ ደከመ፤ ሰሞኑን ደግሞ ጭራሽ ዝም ይላል። እንግዳ በር ሲያንኳኳ ይቆያል። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ትራንስፎርመሩን ነበር። መውጫውን በቴስተር ስለካው 12 ቮልት፤ የተጻፈበትም ያው ነው። የ220ውን ጎን አልነካሁም፤ እሱን ለመክፈት ብሬከር ማጥፋት ግድ ነው።

ቀጥሎ ደወሉ ጋ ለካሁ። እህቴ ውጭ ሆና ስትጫን 5 ቮልት ብቻ! ቀሪው መንገድ ላይ ቀርቷል። በሩ ላይ ያለውን የደወል መጫኛ ፈታሁና ሁለቱን ሽቦዎች በቀጥታ አገናኘኋቸው። ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸ። ሽቦው ደህና ነው፤ ጥፋቱ መጫኛው ነው ማለት ነው። ስከፍተው የድሬ አቧራ ሞልቶታል፤ የመዳብ ምላሱም አረንጓዴ ለብሷል። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፤ የላላውን ምላስም ትንሽ አቀናሁት። አሁን ሲጫኑት 11 ቮልት ይደርሳል።