የኬትልን ቴክኒካዊ መግለጫ ወደ ገዢው ጥቅም ሲለውጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ገበያ ላይ በብዛት ከሚገኙት ኬትሎች አንዱን ገልብጠን ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ብናነብ «220–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ፣ 1850–2200 ዋት፣ 1.7 ሊትር» የሚል እናገኛለን። ሻጩ ለማስታወቂያው አጫጭር ነጥቦችን የሚጽፈው ከዚህ ጽሑፍ ተነሥቶ ነው፤ ስህተቶቹም የሚጀምሩት እዚሁ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ቁጥሩን እንዳለ ገልብጦ መተው ነው። ሻጩ «2200 ዋት» ብሎ ሲጽፍ ኃይለኛ ዕቃ መሆኑን የተናገረ ይመስለዋል፤ የመብራት ሂሳብ የሚያሳስባት ገዢ ግን ያንኑ ቁጥር «ቆጣሪ የሚያስሮጥ» ብላ ታነበዋለች። እውነታው ሁለቱም ከሚያስቡት የተለየ ነው። ያንኑ መጠን ውኃ ለማፍላት የሚያስፈልገው ሙቀት በማንኛውም ኬትል ያው ነው፤ ዋቱ የሚወስነው ጊዜውን ብቻ ነው። እንዲያውም ዋቱ ዝቅተኛ የሆነው ኬትል ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ በመካከሉ ወደ አየር የሚያባክነው ሙቀት ይበዛል። ስለዚህ ነጥቡ «ውኃውን ቶሎ አፍልቶ ስለሚጠፋ ዋቱ ከፍ ማለቱ የመብራት ወጪዎን አይጨምርም፤ ሙሉ 1.7 ሊትር ለማፍላት ወደ 0.16 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል» ቢባል የገዢዋን ሥጋት በቀጥታ ይመልሳል።

ሁለተኛውና ብዙዎች የማያስተውሉት ስህተት ከተሰጡት ሁለት ቁጥሮች ትልቁን መርጦ ተስፋ መስጠት ነው። 2200 ዋት የሚገኘው በ240 ቮልት ሲሆን በእኛ አገር መደበኛው 220 ቮልት ላይ ግን ያው ዕቃ የሚሰጠው 1850 ዋት ነው፤ ምክንያቱም የማሞቂያ ጉልበት ከቮልቱ ጋር በካሬ ይወርዳል። ልዩነቱን እናስላው። 20 ዲግሪ የሆነ 1.7 ሊትር ውኃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ወደ 520 ኪሎ ጁል ሙቀት ይፈልጋል። ይህ በ2200 ዋት ቢካፈል 4 ደቂቃ ያህል ይሆናል፤ በ1850 ዋት ግን ወደ 4 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይደርሳል፤ የሚባክነው ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ 5 ደቂቃን አለፍ ይላል። ምሽት ላይ ኃይሉ ወደ 200 ቮልት ሲወርድ ዕቃው የሚሰጠው 1530 ዋት ያህል ብቻ ስለሆነ ከ6 ደቂቃ በላይ ሊቆይ ይችላል። «በ4 ደቂቃ ያፈላል» ብሎ የጻፈ ሻጭ ቅሬታውን በገዛ እጁ ጠርቷል። «ሙሉውን ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ባለው ጊዜ ያፈላል» ብሎ መጻፍ ይሻላል፤ ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ አንድ ዕቃ ከካርቶኑ አውጥቶ፣ ውኃ ሞልቶ፣ በሰዓት ለክቶ መጻፍ ነው።

ሊትሩም እንዲሁ ነው። «ለቤተሰብ ተስማሚ» የሚለው አባባል ምንም አይለካም፤ «200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የሻይ ብርጭቆ 8 ጊዜ ይሞላል» የሚለው ግን ገዢዋ እንግዶቿን እንድትቆጥር ያስችላታል። ከውስጥ ያለው ዝቅተኛ መስመር ግማሽ ሊትር ላይ ከሆነ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ብቻ የሚፈልገው ሰው ይህን ቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

ሦስተኛው ስህተት ዕቃው የማይሰጠውን ጥቅም ማከል ነው። «ራሱ ይጠፋል» የሚለው ባሕርይ ብዙውን ጊዜ «ጥለውት ቢሄዱም ምንም አይሆንም» ተብሎ ይጻፋል። ማብሪያውን የሚያጠፋው ግን ከሚፈላው ውኃ ተነሥቶ ወደ ማብሪያው የሚደርሰው እንፋሎት ነው፤ ክዳኑ ክፍት ከቀረ እንፋሎቱ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ኬትሉ መፍላቱን ላያቆም ይችላል። ያለ ውኃ ሲበራ የሚያጠፋው መከላከያ ደግሞ ሌላ ክፍል ነውና ሁለቱን በአንድ ነጥብ መቀላቀል አይገባም። ትክክለኛው ነጥብ «ክዳኑ ከተዘጋ ውኃው እንደፈላ ራሱ ይጠፋል» የሚል ነው። «ውኃው ፕላስቲክ አይነካም» ከማለት በፊትም የክዳኑን ውስጠኛ ገጽና የውኃ መጠን ማሳያውን መስኮት ማየት ያሻል፤ አካሉ ብረት ሆኖ እነዚህ ሁለቱ ፕላስቲክ የሆኑበት ኬትል ብዙ ነው።

የመጨረሻው ስህተት ሁሉንም ቁጥር ወደ ጥቅም ካልለወጥኩ ማለት ነው። ኸርዙ ለማሞቂያ ብዙም ለውጥ ስለማያመጣ ነጥብ አይገባውም። ቮልቱ ግን ሳይሸፋፈን በቁጥሩ መቅረብ አለበት። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ የ120 ቮልት ኬትል እኛ ሶኬት ላይ ቢሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ጉልበት ስለሚስብ ይቃጠላል፤ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚሸጥ ሰው «120 ቮልት፤ በቀጥታ አይሰካም» የሚለውን ከሌሎቹ ነጥቦች ሁሉ በላይ ማስቀመጥ ይኖርበታል።