ታህሳስ 30 ከመድረሱ በፊት፦ የስልክ አስታዋሽን ወደ ኋላ ቆጥሮ መሙላት

ንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታህሳስ 30 ነው። ከጥር 1 ጀምሮ ቅጣት አለው። ጊዜው ሰፊ ይመስላል። ጎጃም ላይ ግን ሐምሌና ነሐሴ ዝናብና ጭቃ ነው፤ መስከረም በበዓልና በትምህርት ቤት ወጪ ያልፋል፤ ህዳርና ታህሳስ ደግሞ አጨዳና ውቂያ ነው። እንዲህ እያለ ሰው ሁሉ ታህሳስ መጨረሻ ላይ አንድ በር ላይ ይገናኛል።

ስልኩ ላይ ማስታወሻ የያዘ ሰውም ከዚህ ግፊያ አይተርፍም። ምክንያቱም ማስታወሻው ብዙ ጊዜ የሚሞላው ለመጨረሻው ቀን፣ ቢበዛ ለዋዜማው ነው። ያኔ ስልኩ ቢጮህ የሚያሳውቀው መዘግየትዎን ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን አንድ ጉዳይ ይዘን አስታዋሹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንስራው።

መጀመሪያ በወረቀት፦ ስንት ጉዞ ይፈልጋል?

ስልኩን ከመክፈትዎ በፊት አንድ ወረቀት ይያዙ። ቀኑን ሳይሆን ጉዞውን ይቁጠሩ። «ከአንድ ወር በፊት ላስታውስ» ማለት በደፈናው ጥሩ ይመስላል። ከተማ ውስጥ ለሚኖርና በየቀኑ በቢሮው በር ለሚያልፍ ሰው አንድ ወር ከሃያ ያላነሰ የሥራ ቀን ነው። በሳምንት አንዴ ብቻ ከተማ ለሚወጣ ሰው ግን ያው አንድ ወር አራት ዕድል ብቻ ነው። አንዱ በበዓል፣ አንዱ በለቅሶ ካለፈ ሁለት ይቀራል።

ምሳሌ እንውሰድ። ማቻከል ውስጥ፣ ከአማኑኤል ራቅ ባለ ቀበሌ አነስተኛ ሱቅ ያላት ሴት አለች እንበል። ዕቃ ልታመጣ ከተማ የምትወጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው። ፈቃዷን ለማሳደስ በቅድሚያ ከገቢዎች የግብር ክሊራንስ ያስፈልጋታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ንግድ ጽህፈት ቤት የምትሄደው። በትንሹ ሁለት ጉዞ ማለት ነው፤ አንዱ ክሊራንስ ለመጠየቅ፣ ሌላው ወረቀቱን ተቀብሎ ፈቃዱን ለማሳደስ። እኔ ሁልጊዜ አንድ መጠባበቂያ ጉዞ እጨምራለሁ። ፋይል ውስጥ ያልተዘጋ ሂሳብ ሊገኝ ይችላል፤ የሚፈርመው ሰው ስብሰባ ላይ ሊሆን ይችላል፤ መብራት ወይም ኔትወርክ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሦስት ጉዞ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ደግሞ ለክሊራንሱ ሁለት ሳምንት እንተውለት።

አሁን ከመጨረሻው እንነሳ። በ2019 ዓ.ም. ታህሳስ 30 ዓርብ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሐሙስ ታህሳስ 29 ነው፤ ገና! ቢሮ ዝግ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ቀነ ገደቡ ሁልጊዜ ገናን ተጠግቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ለዚህች ሴት እውነተኛው የመጨረሻ ቀን ታህሳስ 22 ነው። እሱን ለመጠባበቂያ እንተወው። ፈቃዱን ማሳደሻው ታህሳስ 15 ይሆናል። ክሊራንስ መጠየቂያው ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀድሞ፣ ታህሳስ 1።

ይህ ግን ምንም ነገር ካልተበላሸ ብቻ የሚሠራ፣ የመጨረሻ ጠርዝ ነው። ታህሳስ 1 ደግሞ ሰው ሁሉ እህል ላይ ያለበት ሰሞን ነው። እኔ ብሆን ጅማሬውን ወደ ህዳር 3 አመጣዋለሁ፤ እሱም ሐሙስ ነው። ከህዳር 3 እስከ ታህሳስ 22 ስምንት ሐሙስ አለ። ሦስት ጉዞ ለሚፈልግ ሥራ ስምንት ዕድል ያረካል።

ሁለት ዓይነት አስታዋሽ

አሁን ወደ ስልኩ። የምጠቅሰው ጎግል ካላንደርን ነው፤ ሌሎቹም ብዙ አይለያዩም። አንድ ማስታወሻ ሞልቶ «ከሁለት ወር በፊት ንገረኝ» ማለት አይቻልም፤ ማሳወቂያው ከአራት ሳምንት በላይ ወደ ኋላ አይሄድም። ስለዚህ ሁለት እንሠራለን፦ በዓመት አንዴ የሚመጣ አንድ ቀስቃሽ፣ እና በየሳምንቱ የሚመጣ ሰሞነኛ።

ዓመታዊውን ጥቅምት 20 ላይ ያስቀምጡት፤ በ2019 ዓ.ም. ይህ ኦክቶበር 30 ቀን 2026 ነው። ድግግሞሹን `Every year` ያድርጉት። የዚህ አስታዋሽ ሥራ ፈቃድ ማሳደስ አይደለም። ሥራው ሳምንታዊውን እንዲሞሉ መቀስቀስ ብቻ ነው። ጽሑፉም ያንኑ ይበል፦ «የዘንድሮውን ታህሳስ 30 ቀን ፈልግ። ሳምንታዊ አስታዋሾችን ሙላ።»

ሳምንታዊው ህዳር 2፣ ረቡዕ ማታ ይጀምራል፤ ኖቬምበር 11 ማለት ነው። ለምን ረቡዕ? ሐሙስ ጠዋት መኪና ውስጥ ሆነው ቢጮህ ወረቀቱ ቤት ቀርቷል። አስታዋሽ መምጣት ያለበት ነገሩን ማድረግ በሚቻልበት ሰዓት ነው፤ ወረቀት ቦርሳ ውስጥ የሚከተተው ማታ ነው። ድግግሞሹን ለመሙላት `Does not repeat` የሚለውን ይንኩ፣ `Custom` ውስጥ ይግቡ፣ በየ1 ሳምንቱ ይበሉ፣ ረቡዕን ይምረጡ። ማብቂያው ላይ `After` የሚለውን መርጠው 8 ይጻፉ። የመጨረሻው ረቡዕ ታህሳስ 21 ላይ ያርፋል። ማብቂያ የሌለው ሳምንታዊ አስታዋሽ አደገኛ ነው፤ ሰው ሳያነበው እየጠረገ መጣል ይለምዳል፣ ከዚያ የእውነተኛው ጊዜም አብሮ ይጠረጋል።

ሰዓቱ ላይ ይጠንቀቁ። ማታ 12 ሰዓት ስልኩ ላይ 6:00 PM ነው። በእኛ አቆጣጠር አስበው 12:00 AM ከሞሉ እኩለ ሌሊት ይጮሃል። ጠዋት 3 ሰዓት ለማለት 3:00 AM የሚሞላ ሰውም ብዙ ነው፤ እሱ ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ሞልተው ሲጨርሱ ስድስት ሰዓት ቀንሰው ወይም ጨምረው አንድ ጊዜ ያረጋግጡ።

ምን ተብሎ ይጻፍ?

«ንግድ ፈቃድ» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም። ከወራት በኋላ ሲያነቡት «አዎ አውቃለሁ» ብለው ያልፉታል። መጀመሪያ የሚደረገውን ነገር ይጻፉ፦

«ነገ ገቢዎች፣ ክሊራንስ መጠየቅ። ቦርሳ ውስጥ፦ የድሮው ፈቃድ፣ ቲን፣ መታወቂያ። ካለቀ ሰርዘው።»

ክሊራንሱ ሲወጣ የቀሩትን ረቡዖች ጽሑፍ ይቀይሩ፦ «ነገ ንግድ ጽህፈት ቤት፣ ክሊራንሱን ይዞ።» አንድ ዓይነት ጽሑፍ ስምንት ጊዜ ከሚመጣ ሥራው በደረሰበት ደረጃ ልክ ቢናገር ይሻላል። ቢሮው ተጨማሪ ወረቀት ከጠየቀዎትም እዚያው ቆመው ይጻፉት፤ የዓመቱንም ጽሑፍ ያርሙት። የሚቀጥለው ዓመት ጉዞ የሚቀንሰው በዚህ ነው።

የእኛ ቀንና የፈረንጁ ቀን ሲላቀቁ

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለው ቦታ ላይ ደረስን። ስልኩ የሚደግመው በፈረንጅ ቀን ነው። ታህሳስ 30 በአብዛኛው ጃንዋሪ 8 ላይ ይውላል። ጳጉሜ ስድስት ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ጃንዋሪ 9 ላይ ይውላል። በ2019 መጨረሻ ጳጉሜ ስድስት ናት፤ ስለዚህ በ2020 ዓ.ም. ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 20 ገደማ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይገፋል። በፌብሩዋሪ 29 ምክንያት መልሶ ይስተካከላል።

ይህ ምን ያመጣል? በጃንዋሪ 8 ተሞልቶ በየዓመቱ የሚደገም ማስታወሻ በ2020 ታህሳስ 29 ላይ ይመጣል። አንድ ቀን ቀደመ፣ ጉዳት የለውም። በተቃራኒው በ2020 ተነስተው በጃንዋሪ 9 ከሞሉት በ2021 ጥር 1 ላይ ነው የሚመጣው። በዚያ ቀን ቅጣቱ ጀምሯል። ስለዚህ ከመስከረም እስከ የካቲት 20 ገደማ ላለ ዓመታዊ ቀን ሁልጊዜ ቀደም ያለውን የፈረንጅ ቀን ይሙሉ። ከመጋቢት እስከ ጳጉሜ 5 ያለው ግን አይንቀሳቀስም፤ ሐምሌ 1 ሁልጊዜ ጁላይ 8፣ ሐምሌ 30 ሁልጊዜ ኦገስት 6 ነው። የግብር ማስታወቂያ ጊዜዎ በሐምሌ ከሆነ አንዴ ሞልተው መተው ይችላሉ።

ወርሃዊ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ወር በገባ በ12 የሚከፈል እድር ቢኖርዎ፣ የስልኩ «በየወሩ» ቀስ በቀስ ያሳስትዎታል፤ የፈረንጅ ወር 28፣ 30፣ 31 ይሆናልና። በምትኩ በየ30 ቀኑ ብለው መስከረም 12 ላይ ይጀምሩትና በ12 ጊዜ እንዲያበቃ ያድርጉ። የመጨረሻው ነሐሴ 12 ላይ ያርፋል። ከዚያ ጳጉሜ ትገባለች፤ በአዲሱ መስከረም እንደገና ይጀምሩታል። ማብቂያ ሳይሰጡት ከለቀቁት በሚቀጥለው ዓመት መስከረም 7 ላይ፣ ጳጉሜ ስድስት ከሆነች ደግሞ መስከረም 6 ላይ ይመጣል።

መሞከር

ሞልተው ከጨረሱ በኋላ ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚጮህ ማስታወሻ ይሙሉና ስልኩን ቆልፈው ይጠብቁ። ካልመጣ የማሳወቂያ ፈቃድ ጠፍቷል፣ ወይም የባትሪ ቁጠባው ካላንደሩን እያስተኛው ነው። ብዙ ርካሽ ስልኮች ላይ ይህ አለ። በስልኩ ሴቲንግ የካላንደሩን የባትሪ ገደብ ያንሱለት። አስታዋሹ አንዴ ስልኩ ላይ ከተቀመጠ ኢንተርኔት ባይኖርም ይጮሃል፤ ስልኩ ግን መጥፋት የለበትም። ረቡዕ ማታ መብራት የሚጠፋበት አካባቢ ከሆኑ ለልጅዎ ወይም ለባለቤትዎ ስልክም ይሙሉት።

ማሳወቂያው ሲመጣ ሁለት ምርጫ ብቻ ይኑርዎ፤ ወረቀቱን ወዲያው ቦርሳ ውስጥ መክተት፣ አለዚያ ሰዓት ጠርቶ ለዚያው ማታ ማሸጋገር። በጣት ጠርጎ ማለፍን ከወዲሁ ይከልክሉ፤ የጠፋ ማሳወቂያ ተመልሶ አይመጣም።

አዲሱን ፈቃድ በእጅዎ የያዙ ዕለት፣ ከቀሩት ረቡዖች የመጀመሪያውን ከፍተው ይሰርዙ። ስልኩ ሲጠይቅ `This and following events` ይበሉ። የጥቅምት 20ው ዓመታዊ አይነካ።