በስልክ የተነሣን ሥዕል ለጎብኚ ስታስረዱ

ጎብኚው ስልኩን አውጥቶ «ይህን ጣና ላይ አንሥቼው ነበር፤ ምንድን ነው?» ይላል። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት አስጎብኚ እንዲህ ያለውን ፎቶግራፍ በጨረፍታ አይቶ «ገዳሙ የ14ኛው መቶ ዘመን ስለሆነ ሥዕሉም የዚያው ነው» ሲል ሰማሁት። ስንቴ ሰማሁት መሰላችሁ!

የገዳሙ ዕድሜ የሥዕሉ ዕድሜ አይደለም። የመቅደሱ ሥዕል ብዙ ጊዜ በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ነው፤ ሲያረጅ በሌላ ይተካል። ስለዚህ ሥዕሉን ራሱን ጠይቁት። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ የነበረችው ምስለ ፍቁር ወልዳ ናት። እመቤታችን ልጇን አቅፋ እጆቿን አነባብራለች፤ ሁለት የቀኝ እጇ ጣቶች ተዘርግተዋል፣ በግራ እጇ መሐረብ ይዛለች። ይህ አያያዝ ሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ካለው ሥዕል የተቀዳ ነው፤ ቅጂው ወደ እኛ የደረሰው ኢየሱሳውያን የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን በ16ኛው መቶ ዘመን ከመጡ በኋላ በመሆኑ 14ኛው መቶ ዘመን ከዚሁ ይወድቃል። ቀጥላችሁ ጉንጯንና አንገቷን ተመልከቱ። በመጀመሪያው የጎንደር ስልት ፊት ጠፍጣፋ ነው፣ ቀለሙም አንድ ወጥ። እዚህ ግን ጥላ ፊቷን አድቦልቡሎታል፣ ከጀርባዋ ያለው ቢጫም ቀስ እያለ ወደ ቀይ ይለወጣል። ሁለተኛው የጎንደር ስልት ነው፤ የእቴጌ ምንትዋብን ዘመን፣ 18ኛውን መቶ ዘመን አስቡ።

በቀለሙ ድምቀት ብቻ አትፍረዱ፤ የስልክ ካሜራ ይዋሻል።

ከእግሯ ሥር በግንባሯ የተደፋችውን ሴት «ማርያም መግደላዊት» አትበሉ። ሥዕሉን ያሠራችው ናት። በናርጋ ሥላሴ ምንትዋብ ራሷ እንዲሁ ተደፍታ ተሥላለች። ይሁን እንጂ የተደፋች ሴት ሁሉ ምንትዋብ አይደለችም፤ «ተማኅፀነት» የሚለውን ጽሑፍ ፈልጉ፣ ስሙ አጠገቡ ይገኛል። ጎብኚው ሲያነሣ ጽሑፉን ቆርጦት ከሆነ ሌላ ፎቶግራፍ እንዳለው ጠይቁት፤ ከሌለው «አሠሪዋ» ብላችሁ ተዉት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «በሥዕላችን ደግ ሰው በሁለት ዓይን፣ ክፉ በአንድ ዓይን ይሣላል።» ይህችን አንድ ዐረፍተ ነገር ሸምድዶ ሥራ የሚጀምር አስጎብኚ ብዙ ነው! እርግጥ ነው፣ ይሁዳና አጋንንት በጎን ይሣላሉ፤ በብዙ የዐድዋ ሥዕሎችም የጣልያን ወታደሮች እንዲሁ ናቸው። ነገር ግን ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም፤ በተለይ ሠዓሊው ከአውሮፓ ኅትመት ሲቀዳ የሰውን አቋም እንዳገኘው ያስቀምጠዋል። እኔም አንድ ጊዜ በጎን የተሣለ ሰው አሳይቼ «ይህ ከከሳሾቹ አንዱ ነው» ብዬ በልበ ሙሉነት ተናገርሁ። ጎብኚዋ ፎቶግራፉን በሁለት ጣቷ አሰፋችው። በራሱ ዙሪያ አክሊለ ብርሃን ነበረ።