ዶላሩ ኮዬ ፈጬ እስኪደርስ የሚጎድለው

የባንኩ መልእክት ሲገባ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። 418 ዶላር ይላል። ውጭ አገር ያለው ቀጣሪዬ የላከልኝ 450 ነው። በማግስቱ ባንክ ሄጄ 32ቱ ዶላር የት እንደገባ ጠየቅኩ። ልጅቷ ኮምፒውተሯን አየችና፣ «ወንድሜ፣ እኛ ጋ የደረሰው 430 ነው። እኛ የቆረጥነው 12ቱን ብቻ ነው» አለችኝ። 20ው ዶላር እኛ አገር ሳይገባ ነው ያለቀው። በወር ሁለቴ ስለሚከፈለኝ ደግሞ ቆረጣው እጥፍ ነበር። ለውጭ ድርጅት ከቤታቸው የሚሠሩ ጎረቤቶቼን ስጠይቅ ሁሉም የየራሱ ቁስል አለው። ስህተቶቻችንን አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ደመወዝን በብር መዋዋል

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እኛ ብሎክ ያለች አንዲት ዲዛይነር በ2016 ዓ.ም. ጸደይ ላይ ከውጭ ድርጅት ጋር ተዋዋለች። ድርጅቱ እዚህ ባለ ወኪሉ በኩል በወር 57,500 ብር ሊከፍላት ተስማሙ። በጊዜው ዶላር ወደ 57 ብር ተኩል ስለነበር ልክ 1,000 ዶላር ነው። እሷም በብር መሆኑን ወደደችው። ከባንክ ጋር ጣጣ የለውማ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። ያን ቀን ዶላር ከ74 ብር በላይ ሆነ፣ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ፣ በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ከ120 በላይ ነበር። 57,500 ብሯ ግን አልተነቃነቀም። በ120 ስታካፍሉት 480 ዶላር እንኳ አይሞላም። ድርጅቱ ያንኑ ሥራ በግማሽ ዋጋ አገኘ ማለት ነው። አጭበርብሮ አይደለም፣ ውሉ የሚለውን ነው የከፈለው። የቤት አከራይዋ ግን የዶላሩን ዜና ሰምተው ኪራዩን ለመጨመር አንድ ወርም አልቆዩ።

ስለዚህ ደመወዙ በውሉ ላይ በዶላር ወይም በዩሮ ይጻፍ። ወኪል በብር የሚከፍላችሁ ከሆነ «በዕለቱ ምንዛሪ» የሚል ቃል ብቻውን አይበቃም። የየትኛው ባንክ? መግዣው ነው መሸጫው? የየትኛው ቀን? ወኪሉ በወሩ 25 ተምኖ በሚቀጥለው ወር 5 ከከፈለ፣ በእነዚያ አሥር ቀናት ብር ከወደቀ ልዩነቱ የሚቀረው እሱ ኪስ ነው። «ብሩ ሂሳቤ በሚገባበት ቀን፣ የእገሌ ባንክ የመግዣ ዋጋ» ብላችሁ አስጽፉ። ጎረቤቴ አሁን እንደዚያ ነው የጻፈችው።

ትንሽ ትንሹን ደጋግሞ ማስላክ

ስዊፍት በሚባለው የባንኮች መላላኪያ የሚመጣ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከቀጣሪው ባንክ በቀጥታ እኛ ባንክ አይገባም። ሁለቱ ባንኮች እርስ በርስ ሂሳብ ከሌላቸው መሃል ላይ ሌላ ባንክ ይገባል፣ አንዳንዴም ሁለት። እያንዳንዱ ለድካሙ ይቆርጣል። መሃል ላይ የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ በመጠኑ አይለያይም፤ 450 ቢላክ 900፣ ያው ነው። እኔ ጋ በአንድ መላኪያ 32 ዶላር ይሄዳል፤ በወር ሁለቴ ሲሆን 64። ከ900 ውስጥ 836 ይደርሰኛል። ቀጣሪዬን በወር አንዴ እንዲልክ ጠየቅኩት፤ ለእሱም ስለቀለለው ወዲያው ተስማማ። 868 መድረስ ጀመረ። ወር ሙሉ መጠበቁ ለደሞዝተኛ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ወር ተበድሬ ነው ያለፍኩት።

ቆረጣው በማን ላይ እንደሆነ አለመጠየቅ

ላኪው ባንኩ ጋ ሲሞላ የሚመርጠው አንድ ነገር አለ። `OUR` ካለ ወጪውን ላኪው ይከፍላል። `SHA` ካለ ላኪው የራሱን ባንክ ይከፍላል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ከእናንተ ይቆረጣል። `BEN` ካለ ሁሉም ከእናንተ ነው። ብዙ ጊዜ ሳይነካ የሚቀረው `SHA` ነው። ቀጣሪው ክፋት የለበትም፣ አያውቀውም።

ማረጋገጫው የመላኪያው ሰነድ ነው። ቀጣሪያችሁ ከባንኩ `MT103` ጠይቆ ይላክላችሁ። `33B` የሚለው መስመር ላይ መጀመሪያ የታዘዘው መጠን፣ `32A` ላይ የሚተላለፈው፣ `71A` ላይ ከሦስቱ ቃላት አንዱ አለ። እናንተ ባንክ ጋ የደረሰው ቅጂ ላይ `71F` ካለ ደግሞ በመንገድ ላይ የቆረጠው ባንክ ስንት እንደወሰደ ያሳያል። ባንኮች አሁን ወደ አዲስ ቅርጽ ስለዞሩ ሰነዱ `pacs.008` ሊባል ይችላል። እዚያ `OUR` የነበረው `DEBT`፣ `SHA` የነበረው `SHAR` ነው። ገንዘቡ ጭራሽ ሲጠፋባችሁም ይኸው ሰነድ ነው የሚያስፈልገው። በእጃችሁ ሳይዙ ባንክ መመላለስ የታክሲ ብር መጨረስ ነው።

`OUR` ተብሎም በዶላር መንገድ ላይ አንዳንዴ ትንሽ ይቆረጣል። ስለዚህ ውሉ ላይ «900 ዶላር ይላካል» ከማለት «የእኔ ባንክ ጋ 900 ዶላር ይደርሳል» ማለት ይሻላል።

ጉግል ላይ ያለውን ዋጋ ማመን

ጉግል የሚያሳያችሁ የመግዣና የመሸጫውን መካከለኛ ነው። ባንኩ ግን ዶላሩን ከእናንተ ስለሚገዛ የሚሠራው በመግዣው ነው፣ እሱ ዝቅ ይላል። ደግሞ ከ2016ቱ ለውጥ ወዲህ ባንኮች የሚሰጡት ዋጋ አንድ አይደለም። ሌላ ባንክ መክፈት ከማሰባችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት የሦስት ባንክ የመግዣ ዋጋ እየጻፋችሁ አወዳድሩ። የዋጋው ልዩነት ከመቀበያ ኮሚሽኑ ጋር መመዛዘን አለበት፤ ጥሩ ዋጋ የሚሰጠው ባንክ በኮሚሽኑ መልሶ ሊወስደው ይችላል።

ሁሉንም በዕለቱ ወደ ብር መቀየርም ግዴታ አይደለም። በዚያው ለውጥ ነዋሪዎች ከውጭ በሚመጣላቸው ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ መክፈት ተፈቅዶላቸዋል። እኔ የወሩን ኪራይና አስቤዛ ያህል እቀይርና የቀረውን በዶላር እተወዋለሁ። ጭራሽ ምንም አለመቀየርም ሞኝነት ነው። ሱቁ የሚሸጥልኝ በብር ነው።

ሳያስቡ «በዶላር ይሁን» ማለት

ቀጣሪው ጀርመን ከሆነ ሂሳቡ በዩሮ ነው። ዶላር ላክልኝ ስትሉት ባንኩ ዩሮውን ወደ ዶላር ሲቀይር ትርፉን ይይዛል፣ እዚህ ደግሞ ዶላሩ ወደ ብር ሲቀየር ሌላ ትርፍ። ሁለቴ መታለብ ነው። እዚህ ያለው ባንካችሁ ዩሮ የሚቀበል ከሆነ በዩሮ መምጣቱ ይሻላል። ተቃራኒውም ያጋጥማል፤ ዩሮ በዶላር ሂሳብ ቁጥር ላይ ሲላክ ባንኩ ሳይጠይቃችሁ ሊቀይረው ይችላል። የትኛው ቁጥር ለየትኛው ገንዘብ እንደሆነ ኢንቮይሱ ላይ ለይታችሁ ጻፉ።

በጎን መቀበል

ውጭ ያለ ሰው ዶላሩን ተቀብሎ እዚህ ብር ይሰጣችኋል። ዋጋው ስለሚያጓጓ ሰው ይሄድበታል። ሕገወጥ ከመሆኑ ሌላ፣ አንድ ቀን ብድር ወይም ቪዛ ስትጠይቁ ገቢያችሁን የሚያሳይ ወረቀት አይኖራችሁም። ሰውዬው ስልኩን ሲያጠፋ ደግሞ የምትከሱበት ማስረጃ የላችሁም።

በኋላ ለቀጣሪዬ የጻፍኩት ኢሜይል ሦስት መስመር ነበር፤ እንደጀመርነው በወር አንዴ፣ በ`OUR`፣ ሰነዱ ተያይዞ። በሚቀጥለው ወር 888 ዶላር ገባ። ባንክ ያለችው ልጅ ስለቀሩት 12 ዶላር ሳቅ ብላ፣ «እሱ የእኛ ነው» አለችኝ።