ለተዋናይ አፍ ያልተመቸ ቃለ ተውኔት ከንባብ በኋላ እንዴት ይታረማል?

ወረቀት ላይ ያማረ ንግግር ተዋንያን ጠረጴዛ ከበው ጮክ ብለው ሲያነቡት መደነቃቀፉ የተለመደ ነው። የመድረክ ተውኔት ቢሆን፣ የፊልም ጽሑፍም ሆነ የሬዲዮ ድራማ፣ ብዙ ደራሲዎች ይህን ሲሰሙ በዚያው ምሽት ብዕር አንስተው ንግግሩን እንደ አዲስ ይጽፉታል። እኔ የምመክረው ከመጻፍ በፊት መቀነስን ነው። የማይመች ንግግር አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው የጎደለው ነገር ስላለ ሳይሆን የተረፈው ስለበዛ ነው። የተረፈው የት እንዳለ ደግሞ ተዋናዩ ራሱ በአፉ ያሳየናል።

በንባቡ ወቅት

ደራሲው በንባቡ ላይ ምንም ገጸ ባሕርይ ወክሎ ማንበብ የለበትም። ዓይኑንም ከጽሑፉ ላይ ያንሳ። ጽሑፉን እየተከተለ የሚሰማ ሰው ተዋናዩ ያላለውን ቃል እንኳን የሰማው ይመስለዋል። ንግግሩ በምን ስሜት መባል እንዳለበትም አስቀድሞ አያስረዳ፤ የደራሲው ማብራሪያ የንግግሩን ድካም ይሸፍነዋልና። ድምፁን በስልክ መቅዳት ይበቃል። ጽሑፉን የሚከታተልና ምልክት የሚያደርግ አንድ ሌላ ሰው ግን ያስፈልጋል።

ያ ሰው ሦስት ነገር ብቻ ይመዝግብ። አንደኛው ተዋናዩ ትንፋሽ ያጠረበት ወይም ወደ ኋላ ተመልሶ የጀመረበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ከተጻፈው የተለየ ቃል ያለበት ቦታ ነው፤ እዚህ ላይ ተዋናዩ ያለውን ቃል እንዳለ መጻፍ አለበት። ሦስተኛው ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው የሳቀበት ወይም ጸጥ ያለበት ቦታ ነው። ከሦስቱ ይበልጥ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። ምራት የሆነችው ገጸ ባሕርይ አማቷን «እርስዎ» እንድትል ተጽፎላት ተዋናይቷ ሳታስበው «አንቱ» ካለች፣ የገጸ ባሕርይዋን አገርና ዕድሜ ከደራሲው ቀድማ ሰምታዋለች ማለት ነው። ንባቡን እያቋረጡ «እንደ ተጻፈው በይ» ማለት ይህን ሁሉ ያጠፋዋል።

የንባብ ስሕተትን ከንግግሩ ጉድለት መለየት

ምልክት የተደረገበት ሁሉ ጉድለት አይደለም። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፤ ስለዚህ ጽሑፉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ተዋናይ «አለ» የሚለውን «ተናገረ» ለማለት ይሁን «ይገኛል» ለማለት የሚያውቀው ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው። «ይሰማል» ሲላላ የሚሰማ ሰው አለ፤ ሲጠብቅ የሚሰማ ድምፅ አለ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የተደናቀፈ ተዋናይ ንግግሩን ሳይሆን ፊደሉን ነው የተሳሳተው። በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ በእርሳስ ነጥብ ማድረግ ይበቃል፤ ንግግሩ አይነካ።

የቀረውን ለመለየት ቀላሉ መንገድ ትዕይንቱን ወዲያውኑ ደግሞ ማስነበብ ነው። ተዋናዩ በሁለተኛው ጊዜ ያለ ችግር ካለፈው ይተው። እዚያው ቦታ ላይ ዳግመኛ ከተደናቀፈ፣ ወይም ሌላ ተዋናይ ተቀብሎ ሲያነበው እሱንም ካስቸገረው፣ ችግሩ ከጽሑፉ ነው።

መቀነሱ በተግባር

አንድ ትዕይንት ላይ እንሥራ። እናታቸው የሞተችባቸው ታላቅ እህትና ከአሜሪካ የመጣ ታናሽ ወንድሟ ስለ ቤተሰቡ ቤት ይነጋገራሉ። መጀመሪያ የተጻፈው እንዲህ ነው እንበል፦

ወንድም፦ «እትዬ፣ አንቺም እንደምታውቂው እናታችን ካረፈች እነሆ ስምንት ወር ሆኗታል። እኔም ከአሜሪካ ድረስ የመጣሁት አባታችን በጡረታ ገንዘቡ የሠራውን፣ እናታችንም እስከ ዕለተ ሞቷ የኖረችበትን ይህንን ቤት ሸጠን ገንዘቡን እኩል እንድንካፈል ላነጋግርሽ ፈልጌ ነው።»

እህት፦ «ወንድሜ፣ ይህ ቤት እኮ ለእኔ ቤት ብቻ አይደለም፤ ትዝታዬ ነው። ስለዚህ እኔ ይህንን ቤት በፍጹም አልሸጥም፤ ምክንያቱም እናታችንን ያስታመምኳት እዚህ ቤት ውስጥ ነው። አንተ ግን አልነበርክም።»

በንባቡ ወቅት የወንድሙ ተዋናይ «የኖረችበትን» ላይ ትንፋሽ አጥሮታል። የእህቲቱ ተዋናይ «እናታችንን» የሚለውን «እናቴን» ብላ አንብባዋለች። «አንተ ግን አልነበርክም» ሲባል ደግሞ ጠረጴዛው ጸጥ ብሏል።

ከመጨረሻው ምልክት መጀመር ይሻላል። ጸጥታ የፈጠረው ንግግር የትዕይንቱ ግብ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ በፊት ያለው ሁሉ ወደዚያ የሚያደርስ መሆን አለበት። የማያደርሰው ይውጣ።

በመጀመሪያ የሚወጣው ሁለቱም የሚያውቁት ነገር ነው። «እንደምታውቂው» የሚል ቃል በገባበት ሁሉ ደራሲው እህቲቱን ትቶ ለተመልካቹ እየተናገረ ነው። ስምንቱን ወር የእህቲቱ ጥቁር ልብስ ሊናገረው ይችላል። ሬዲዮ ላይ ልብስ ስለማይታይ አንድ ጎረቤት በሌላ ቦታ ያንሳው። የአባትየው ጡረታ ድርሻ ሲከፋፈል ለክርክር የሚያስፈልግ ከሆነ ወደዚያ ትዕይንት ይሂድ፤ ካላስፈለገ ይጥፋ።

ቀጥሎ የትንፋሹ ጉዳይ ይመጣል። አማርኛ ዋናውን ግስ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «የሠራውን»፣ «የኖረችበትን» እያሉ ከስሙ በፊት የሚደረደሩ ሐረጎች ሲበዙ ተዋናዩ ምን ሊል እንደሆነ ሳያሳውቅ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ግሱ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል። አንባቢ ዓይኑን መልሶ ያስተካክለዋል፤ አድማጭ ግን መመለሻ የለውም። እዚህ ላይ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር በነጠላ ሰረዝ ለመክፈል መሞከር አይረዳም። ግሱን ብቻ ይዞ መነሣትና የግድ የሚያስፈልገውን አንድ ነገር መጨመር ነው የሚሻለው። ሲወጣ የሚቀረው ይህ ነው፦

ወንድም፦ «የመጣሁት ለቤቱ ነው።»

እህት ዝም ትላለች።

ወንድም፦ «እንሽጠው፣ እትዬ።»

«እትዬ» ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው መዞሩን ልብ ይሏል። መጀመሪያ ላይ የጥሪ ልማድ ብቻ ነበረች፤ መጨረሻ ላይ ስትሆን ልመና ሆናለች። እንዲህ ያሉ መጠሪያዎች በእያንዳንዱ ንግግር መግቢያ ላይ ሲደጋገሙ ጆሮ ያደክማሉ፤ በትዕይንቱ ውስጥ አንዲቱን ቦታ መርጦ እዚያ ብቻ ማኖር ይበቃል።

የእህቲቱ ንግግር ላይ «ስለዚህ» እና «ምክንያቱም» መጀመሪያ ይወጣሉ። ለጋዜጣ ጽሑፍ የሚገቡ ማያያዣዎች ናቸው፤ ያዘነና የተቆጣ ሰው ምክንያቱን በሥርዓት አያስተሳስርም። «ትዝታዬ ነው» የሚለውም ይቆረጥ፤ ስሜቱን በስም የሚጠራ ንግግር ለተዋናይቷ የምትሠራው ነገር አያስቀርላትም። «እናቴን» ያለችው ይጽደቅላት፤ ሳታስበው እናቲቱን ለራሷ አድርጋ ወንድሟን ከሐዘኑ አስወጥታዋለች።

እህት፦ «እናቴን ያስታመምኳት እዚህ ነው። አንተ አልነበርክም።»

«ግን» የወጣችው ንግግሩን ወደ ክርክር ስለምታወርደው ነው። «አንተ» ግን ቀርታለች። በአማርኛ ግሱ ራሱ ባለቤቱን ስለሚናገር «እኔ»፣ «አንተ»፣ «እሷ» ከብዙ ቦታ ያለ ጉዳት ይወጣሉ። «አልነበርክም» ብቻውን ቢባልም ትርጉሙ አይጎድልም። እዚህ ቦታ ላይ ግን ቃሏ እንደ ጣት ወደ ወንድምየው ትቀሰራለች። እንግዲህ ተውላጠ ስም ሁሉ በጅምላ አይቆረጥም፤ ማንን ከማን እየለየ እንደሆነ አንድ በአንድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«አልሸጥም» የሚለው ቃል ከትዕይንቱ ጨርሶ እንደጠፋ አንባቢ አስተውሎ ይሆናል። መጥፋቱ ደግ ነው ወይስ አይደለም የሚለው የሚፈተነው ጽሑፉን አይቶ የማያውቅ ሰው ሲሰማው ነው። «ምን መለሰችለት?» ተብሎ ሲጠየቅ «እምቢ አለችው» ካለ ሥራው ተሠርቷል። ካመነታ ቃሉ ይመለስ፤ ያኔ አጠገቡ ያሉትን አለመመለስ ነው።

ከመጠን በላይ ሲቆረጥ

የታረመውን ሲያስነብቡ ሌላ ዓይነት ችግር ሊሰማ ይችላል። በዚህ ትዕይንት ወንድምየው ከበር እንደገባ «የመጣሁት ለቤቱ ነው» ካለ፣ ሁለቱ ከዚህ በፊት የተጣሉ ይመስላሉ። እኛ ዘንድ ከሩቅ የመጣ ሰው የራሱን፣ የልጆቹን፣ የጤናውን ነገር ሳይጠየቅ ወደ ጉዳይ አይገባም፤ ሰላምታው ሲደጋገምም ለጆሮ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ ሰላምታን ትርፍ ንግግር ነው ብሎ ሙሉ በሙሉ መቁረጥ ስሕተት ነው። ከሰላምታው ሁለት ወይም ሦስት ልውውጥ ሳይቆረጥ ይቆይ፤ ከእነሱም አንዱ በትክክል ሳይመለስ ይለፍ፦

ወንድም፦ «ደህና ነሽ ታዲያ?»

እህት፦ «እግዚአብሔር ይመስገን። ልጆቹስ?»

ወንድም፦ «የመጣሁት ለቤቱ ነው።»

አሁን ተመልካቹ የወንድምየውን ጭንቀት የሚሰማው ስለ ልጆቹ ሳይመልስ በመቅረቱ ነው። ከመጀመሪያው ጽሑፍ አንድም ቃል ሳይመለስ የጎደለው ጊዜ ተገኘ።

በግጥም የተጻፈ ተውኔት ከሆነ ይህ አሠራር እንዳለ አይሠራም። በየወል ቤት የተጻፈ ስንኝ ስድስት ስድስት ቀለም ሆኖ ለሁለት ስለሚከፈል፣ አንዲት «ግን» ስትወጣ ምቱ ይሰበራል፤ ተዋናዩም በሌላ ምክንያት መደናቀፍ ይጀምራል። እዚያ መቀነስ ያለበት ሙሉ ስንኝ ነው፤ ቤት የሚመታለትም አብሮት ይሂድ።

የመጨረሻው ንባብ

ለማጣሪያው ንባብ ሙሉውን ድርሰት ማስነበብ አያስፈልግም፤ የተነኩት ትዕይንቶችና ከእነሱ በፊትና በኋላ ያሉት ይበቃሉ። ቢቻል ተዋንያኑ ቦታ ይለዋወጡ፤ የመጀመሪያው ተዋናይ የተቆረጠውን ስለሚያስታውስ በልቡ እየሞላ ሊያነበው ይችላል።

የወጣውን ንግግር ሁሉ ከገጹ ቁጥር ጋር በሌላ ሰነድ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ልምምዱ ከወንበር ተነሥቶ መድረክ ላይ ሲሆን አዘጋጁ ተዋናዩን ከበሩ እስከ እናቲቱ አልጋ ሊያራምደው ይፈልግ ይሆናል፤ ለዚያ እርምጃ ጊዜ የሚሰጡ ጥቂት ቃላት ሲጠይቅ አዲስ ከመጻፍ ይልቅ ከወጣው ውስጥ አንዲት ሐረግ መልሶ መስጠት ይቀላል።