ደቂቃ ሲመጣ የፍጥነቱን ጎነ ሦስት ከመንካታችሁ በፊት

ርቀት ከላይ፣ ፍጥነትና ጊዜ ከታች ጎን ለጎን የሚጻፉበትን ጎነ ሦስት ልጆች ቶሎ ይይዙታል። የሚፈለገውን በጣት ሲሸፍኑት የቀሩት ሁለቱ ማባዛት ወይም ማካፈል እንዳለባቸው ያሳያቸዋል። ችግሩ የሚመጣው ጊዜው በደቂቃ ሲሰጥ ነው። «መኪና በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እየሄደ በ40 ደቂቃ ስንት ይጓዛል?» ሲባል ልጁ 90ን በ40 አባዝቶ 3600 ኪሎ ሜትር ይላል፤ ጎነ ሦስቱንም በትክክል ተጠቅሟል!

ዘዴው ይህ ነው፦ ጎነ ሦስቱ ውስጥ ቁጥር ከመግባቱ በፊት ፍጥነቱን ለ60 ያካፍል። 90 ለ60 ሲካፈል 1.5 ነው፤ መኪናው በየደቂቃው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይሄዳል ማለት ነው። አሁን ጊዜውም ፍጥነቱም በደቂቃ ስለሆኑ ይግባባሉ፦ 1.5 × 40 = 60 ኪሎ ሜትር። ጥያቄው ተገልብጦ «45 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ስንት ደቂቃ?» ቢሆንም ጊዜን ይሸፍናል፤ 45 ÷ 1.5 = 30 ደቂቃ።

መልሱን ሲጨርስ «40 ደቂቃ ከአንድ ሰዓት ያንሳል፤ ታዲያ መልስህ ከ90 ያንሳል?» ብላችሁ ጠይቁት። 3600 እዚያው ይጋለጣል።

ፍጥነቱ 50 ከሆነ ግን ለ60 ሲካፈል ማለቂያ የሌለው 0.8333… ይወጣል። ያኔ መጀመሪያ አባዝቶ ማካፈሉን ለመጨረሻ ያቆየው፤ ለ24 ደቂቃ 50 × 24 ÷ 60 = 20 ኪሎ ሜትር።