ለአክስት ልጅ “ማበደር አልችልም” ብሎ ለመጻፍ

“አሁን እጄ ላይ የለም” ብላችሁ አትጻፉ፤ ዘመድ ደመወዝ እስኪወጣ ይጠብቃል። እምቢታው ይቅደም፣ ምክንያቱ ይከተል። አዳማ ያለች የአክስት ልጅ 30,000 ብር ብትጠይቅ፣ ለምሳሌ፦

“እህቴ፣ ችግርሽን ስላዋየሽኝ አመሰግናለሁ። ብሩን ግን ላበድርሽ አልችልም። ከ16,000 ብር ደመወዜ 6,000 ለቤት ኪራይ፣ 5,000 ለዕቁብ ይወጣል። ዕጣው ወጥቶልኝ ብሩን ለቤት ዕቃ አውዬዋለሁ፤ እስከ ሰኔ ካልጣልኩ ዋሴ ይጠየቅብኛል። የሚተርፈው 5,000 የወር አስቤዛ ነው።”

ዕጣው እንደወጣ መጻፉ ወሳኝ ነው፤ ካልተጻፈ “ሲደርስህ ትሰጠኛለህ” የሚል መልስ ይመጣል። ገና ካልወጣ ደግሞ ብሩ ለምን እንደታሰበ ግለጹ። “ሌላ ጊዜ እናያለን” የሚለውን ተዉት፤ እንደ ቃል ኪዳን ይቆጠራል።